ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ ወይስ «ያገኘ ያምጣ»?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ የብስኩት ፋብሪካ አለኝ። በወር 30,000 ብር የሚከፈለው የጥገና ኃላፊ እፈልጋለሁ። ሁለት ኤጀንሲዎች አነጋገርኩ። አንደኛው ከዓመት ደመወዙ 12 በመቶ ይጠይቃል፤ ለሁለት ወርም ሌላ ኤጀንሲ እንዳላነጋግር ይፈልጋል። ሁለተኛው የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ነው የሚለው፤ ለስንት ኤጀንሲ ብሰጥም ግድ የለውም። የቱ ይሻለኛል? ቀጥሎ አካውንታንትም መቅጠሬ አይቀርም።»

ለጥገና ኃላፊው የመጀመሪያውን ኤጀንሲ ይያዙ፤ ግን ባቀረበልዎት ውል ላይ እንዳለ አይፈርሙ። ክፍያው ትንሽ መውረድ፣ ሌላ ኤጀንሲ የማያነጋግሩበት የብቸኝነት ጊዜ ማጠር፣ ሰውየው ቢለቅ ሌላ የሚያመጣበት የመተኪያ ዋስትና ደግሞ መርዘም አለበት። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ካልተስማማ ያኔ ሁለተኛውን ይውሰዱ፤ ምንም አያጡም።

በመጀመሪያ ሁለቱን ዋጋዎች በአንድ ሚዛን እናስቀምጣቸው። የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ከዓመቱ ደመወዝ 8.3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው 30,000 ብር፣ የመጀመሪያው 43,200 ብር እየጠየቁዎት ነው። ልዩነቱ 13,200 ብር ነው። የመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ ቢወርድልዎት 36,000 ብር ይሆንና ልዩነቱ 6,000 ብር ብቻ ይቀራል። ሥራውን ለብቻው የሚሰጡት ኤጀንሲ እስከዚህ ድረስ ሊወርድልዎት ይገባል፤ ተወዳዳሪ የለበትምና ድካሙ ሜዳ ላይ የመቅረት ስጋቱ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቀጣሪዎች የሚያልፉት አንድ ቃል አለ፤ «ደመወዝ» የሚለው። ለሰውየው ከ30,000 ብር ሌላ የቤትና የትራንስፖርት አበል 6,000 ብር ቢጨምሩለት፣ ውሉ ደግሞ «ከጠቅላላ ዓመታዊ ገቢው 12 በመቶ» ቢል፣ ደረሰኙ 43,200 ሳይሆን 51,840 ብር ሆኖ ይመጣል። ኤጀንሲው አላጭበረበረም፤ የፈረሙትን ነው ያሰላው። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ መሆኑ፣ አበልና ቦነስ እንደማይገባበት በግልጽ ይጻፍ። 15 በመቶ ቫት የተነገረዎት ዋጋ ውስጥ ይሁን ከላይ የሚጨመር፣ እሱንም አሁኑኑ ይጠይቁ። በ43,200 ብር ላይ ቫት ሲጨመር 49,680 ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ለኤጀንሲ የሚከፈለው ገንዘብ የሚገዛልዎት የአንድን ፈላጊ ሰው ሰዓት ነው። «ያገኘ ያምጣ» በሚለው አሠራር ሥራውን ለአራት ኤጀንሲ ሲሰጡት፣ እያንዳንዱ ኤጀንሲ ገንዘቡን የማግኘት ዕድሉ ከአራት አንድ መሆኑን ያውቃል፤ እርስዎ ራስዎ ሰው ካገኙ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ሲቪዎች ይፈልጋል፣ «ጥገና» የሚል ቃል ያለባቸውን አምስት ስድስት ይልክልዎታል፣ ሌላው ሳይቀድመው። ቃለ መጠይቅ አላደረገላቸውም፤ ደብረ ብርሃን መጥተው ይኑሩ አይኑሩ እንኳ አልጠየቃቸውም። በዚህ ልወቅሰው አልችልም፤ ያለ ክፍያ ሁለት ሳምንት እንዲለፋ የሚያስገድደው ነገር የለም።

የእርስዎ ሥራ ደግሞ ሲቪ ተልኮ የሚሞላ ዓይነት አይደለም። የብስኩት ምድጃና የማሸጊያ ማሽን የሚያውቅ፣ የኤሌክትሪኩንም የሜካኒካሉንም ጎን የያዘ ጥሩ የጥገና ሰው አሁን ሥራ ላይ ነው፤ ማስታወቂያ አያነብም። ያለው እዚያው ከተማችሁ ባሉት ቢራ ፋብሪካዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ወይም ዱከምና ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ የምግብ ፋብሪካዎች ነው። እሱን ለማግኘት በስም ማወቅ፣ ማታ ከሥራ ሲወጣ መደወል፣ አንድ ሁለት ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ሲል ምክንያቱን መስማት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ሥራው የእሱ መሆኑን ያወቀ ኤጀንሲ ነው። ብቸኝነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ያ የጥገና ክበብ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። አዲስ አበባ ያለ አንድ አምራች ድርጅት ተመሳሳይ ቦታ ለአራት ኤጀንሲ ሰጥቶ ሲያበቃ እኔ ዘንድ የመጣው ክርክር ሲነሳበት ነበር። አንድ ቴክኒሻን በሦስት ቀን ውስጥ ከሦስት ኤጀንሲ ስለዚያው ቦታ ተደውሎለታል። ሁለቱ ሲቪውን ልከዋል፤ አንደኛው ያለ ፈቃዱ ነው የላከው። ሰውየው ሲቀጠር ከሁለቱም ደረሰኝ መጣ። ውሎቹ ሁለቱም «ሠራተኛውን ያቀረበ ይከፈለዋል» ይሉ ነበር፤ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ግን የትኛውም አይናገርም። በመጨረሻ የተፈታው በኢሜይሎቹ ቀንና ቴክኒሻኑ ራሱ «እሺ፣ ስሜን ላኩ» ብሎ የመለሰውን የቴሌግራም መልእክት በማየት ነው። ፈቃዱን ይዞ የላከው ኤጀንሲ ተከፈለው፤ ሌላው ግን ከድርጅቱ ጋር ተቆራረጠ። ወሬው በቴክኒሻኖቹ ዘንድ ሲዞር ደግሞ «ይሄ ፋብሪካ ምን ቢሆን ነው እንዲህ ሰው አጣሁ የሚለው?» የሚል ጥርጣሬ ተከተለው።

ስለዚህ ውልዎ ውስጥ የ«አቀራረብ» ትርጉም ይግባ፤ ኤጀንሲው አንድን ሰው አቅርቧል የሚባለው ሰውየው መስማማቱን አረጋግጦ፣ ስሙንና ሲቪውን በኢሜይል ሲልክልዎት ነው። ያንን ሰው ቀድመው የሚያውቁት ወይም ያመለከተልዎት ከሆነ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቁታል፤ ክፍያ የለበትም። አንዳንድ ውል ኤጀንሲው ያቀረበውን ሰው በዓመት ውስጥ ለማንኛውም ሥራ ቢቀጥሩት ይከፍላሉ ይላል። ስድስት ወር ይበቃል።

ብቸኝነቱ ራሱስ እንዴት ይሁን? ሁለት ወር ይበዛል። ጥሩ ፈላጊ በዚህ ደረጃ ላለ ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አራት እጩዎች በአስር የሥራ ቀን ማምጣት ይችላል። አራት ሳምንት ይስጡት፤ ከተስማማችሁ በጽሑፍ ለሁለት ሳምንት ይታደስ። በአስረኛው የሥራ ቀን ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ካልቀረቡ ብቸኝነቱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቅር። ይህች ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ ከሌለች የያዙት ባዶ ወንበር ነው፤ ኤጀንሲው ተኝቶም ቢሆን እርስዎ ሌላ ጋ መሄድ አይችሉም።

ከብቸኝነቱ ውጭ የሚሆኑትንም አስቀድመው ይዘርዝሩ። ፋብሪካው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ቢያድግ፣ ዘመድ ወይም ሠራተኛዎ የጠቆመው ሰው ቢመጣ፣ ቀድሞ አብሮዎት የሠራ ቢመለስ ክፍያ የለም ይበል። በልብዎ ያሰቡት ሰው ካለ ስሙን ከፊርማው በፊት በኢሜይል ይላኩ። ከፊርማ በኋላ «እሱንማ አውቀው ነበር» ማለት ጠብ ነው የሚያመጣው።

ብቸኝነት ማለት ግን ቅድሚያ ክፍያ ማለት አይደለም። ሁለቱ ይምታታሉ። ከፍተኛ የሥራ መሪዎችን የሚፈልጉ ድርጅቶች ገንዘቡን በሦስት ይከፍሉታል፤ ሲፈረም፣ እጩዎች ሲቀርቡ፣ ሰውየው ሥራ ሲጀምር። ለጥገና ኃላፊ ይህ አያስፈልግም። ኤጀንሲው ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ አጥብቆ ከጠየቀ ትንሽ ይስጡት፤ ከመጨረሻው ክፍያ የሚቀነስ መሆኑ፣ ሰው ካላገኘም የሚመለስ መሆኑ ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስደው እንዲያዩት የምፈልገው የመተኪያ ዋስትናውን ነው፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አብዛኛው ኤጀንሲ «ሠራተኛው በ60 ቀን ውስጥ ቢለቅ ወይም ቢሰናበት ሌላ ሰው በነጻ እንተካለን» ይላል። ጥሩ ይመስላል። በቀን እንቁጠረው። ሰውየው ቅጥሩን ተቀብሎ መስከረም 20 ፈረመ እንበል። አሁን ለሚሠራበት ድርጅት በሕጉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለበት የእርስዎን ሥራ የሚጀምረው ጥቅምት 20 ነው። ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ከፊርማው ቀን ከሆነ ኅዳር 20 ያልቃል። ስድሳው ቀን ግማሹ ሰውየው ፋብሪካዎን ሳይረግጥ አለቀ ማለት ነው።

የሙከራ ጊዜውስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የሥራ ቀን ነው የሚለው። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሩ ከሆነ 60 የሥራ ቀን አስር ሳምንት ይፈጃል፤ ከጥቅምት 20 ሲቆጠር ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ የገና በዓል መሃል ስለሚገባ ትንሽ ይገፋል። ሰውየው የሚሆን አለመሆኑን እርግጠኛ የሚሆኑት ያኔ ነው። ኤጀንሲው ግን ከኅዳር 20 ጀምሮ ከጉዳዩ ወጥቷል። በመሃል ወደ 40 ቀን ክፍት ቀርቷል። ማሽኑ ሲሰበር እጁ የማይደርስ ሰው መሆኑ የሚታየውም በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ ከአንድ ሁለት ከባድ ብልሽት በኋላ ነው።

ስለዚህ ዋስትናው «ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ 90 ቀን» ይሁን። ሰውየው የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ ከሆነ አዋጁ ላይሸፍነው ይችላል፤ ያኔ የሙከራ ጊዜውን በቅጥር ውሉ ላይ ራስዎ ይወስኑትና ዋስትናው ከእሱ እንዳያንስ ያድርጉ። ምትክ በ30 ቀን ውስጥ ካልመጣ ገንዘቡ ምን ያህሉ እንደሚመለስም ይጻፍ። በመጀመሪያው ወር ከለቀቀ ሙሉው፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛው፣ በሦስተኛው አንድ ሦስተኛው ቢባል ለሁለቱም ወገን ሚዛናዊ ነው።

ክፍያውም ከዚህ ጋር ይያያዝ። ግማሹ ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ግማሹ ከሁለት ወር በኋላ ቢሆን ኤጀንሲው ሰውየውን ደውሎ «እንዴት ነው ሥራው?» ማለቱ አይቀርም። ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ውሎች ብዙ ጊዜ «ክፍያ ከዘገየ ዋስትናው ይቀራል» ይላሉ። ሒሳብ ክፍልዎ ደረሰኙን ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ካሳደረው ለዋስትናው ያሉት ሁሉ ባዶ ነው። ኤጀንሲው ዋስትናውን የሚከለክልባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ቃል የተገባውን ደመወዝ አለመክፈል፣ የጥገና ኃላፊ ብሎ ቀጥሮ መጋዘን ማስጠበቅ። እነዚህ ተገቢ ናቸው፤ አይከራከሩባቸው።

ዝቅተኛ ዋጋ የሚጠይቀውን ኤጀንሲ ከመቀበልዎ በፊት የሚቀረውን ገንዘብ ከማን እንደሚያገኝ ይጠይቁ። በሕጋችን የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም ይህንኑ ይላል። ሆኖም «የምዝገባ»፣ «የፎርም» ወይም «ከመጀመሪያ ደመወዝ ይህን ያህል» እያሉ የሚቀበሉ አሉ። ይህ ለእርስዎም ክፉ ነው። ከሠራተኛው የሚቀበል ኤጀንሲ ሰውየው ሦስት ወር ሠርቶ ቢለቅ ይጠቅመዋል፤ አንዴ ከእርስዎ፣ አንዴ ከእሱ፣ ከዚያ እንደገና ከሁለታችሁም። ማወቂያው ቀላል ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ የኤጀንሲው ሰው በሌለበት «እዚህ ለመድረስ ለማንም የከፈሉት አለ?» ብለው ይጠይቁ። ድምፅዎን አለስልሰው ይጠይቁት፤ ሥራውን የሚያሳጣው እየመሰለው ሊደብቅ ይችላል። ውሉ ውስጥም፣ ከእጩ ገንዘብ መቀበሉ ከተረጋገጠ ያለ ክፍያ ማቋረጥ እንደሚችሉ ይግባ። ፈቃዱንም ይመልከቱ፤ የሠራተኛን ጉዳይ ከሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ የተሰጠ፣ የጸና፣ በስሙ የወጣ መሆኑን። የንግድ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

የሚፈርሙት የቅጥር አገልግሎት ውል መሆኑንም ያረጋግጡ። ጥበቃና ጽዳት የሚያቀርቡ ብዙ ኤጀንሲዎች ሠራተኛውን በራሳቸው ስም ይቀጥሩና ደመወዙን በእነሱ በኩል ይከፍላሉ። ያ ሌላ ንግድ ነው። የእርስዎ የጥገና ኃላፊ የእርስዎ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙም በቀጥታ ከእርስዎ ወደ ሒሳቡ ይግባ።

ሁለቱ ኤጀንሲዎች ማን ምን እንደሆኑ ለመለየት የምመክረው አንድ ፈተና አለ፤ ሥራውን ሲነግሯቸው ምን እንደሚጠይቁዎት ያዳምጡ። የሚሆንዎት ኤጀንሲ የማሸጊያ ማሽንዎን ዓይነት፣ መቆጣጠሪያው የማን ሥሪት እንደሆነ፣ የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ፣ ሌሊት ፈረቃ መኖሩን፣ መኖሪያ ቤት መስጠትዎን ይጠይቅዎታል። «30,000 ለዚህ ሰው አይበቃም» ሊልዎትም ይችላል፤ እሱን ይስሙት። በአምስት ደቂቃ ስልክ «ችግር የለም፣ ነገ ሲቪ እንልካለን» የሚለው ሲቪ ይልክልዎታል፤ ሌላ አይጠብቁ። ፍለጋውን ራሱ የሚሠራው የኤጀንሲው ሰው ማን እንደሆነም በስም ይጠይቁ። ባለቤቱ መጥቶ ያሳመነዎት ሥራ፣ በማግሥቱ ትናንት ለተቀጠረ ልጅ ሊሰጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ የሞሉላቸውን ሁለት ፋብሪካዎች ስልክም ይጠይቁና ይደውሉ።

እርስዎም የሚጠበቅብዎት አለ። ደመወዙን ከመጀመሪያው እውነቱን ይንገሩ፤ 30,000 ብለው መጨረሻ ላይ 26,000 ማቅረብ የሦስት ሳምንት ልፋት ያጠፋል፤ ኤጀንሲው ለዚያ ሰው ዳግመኛ ሊደውል አይችልም። እጩ ሲቀርብ በሦስት ቀን ውስጥ ያነጋግሩት፤ ያልፈለጉትንም ለምን እንዳልፈለጉ ይናገሩ፣ ቀጣዩ ፍለጋ የሚስተካከለው በዚያ ነው። ወሳኙ አንድ ሰው ይሁን። ወንድምዎ ሌላ፣ የምርት ኃላፊዎ ሌላ፣ እርስዎ ሌላ መስፈርት ካላችሁ ኤጀንሲው ሦስት ዓይነት ሰው ፍለጋ ይሄዳል።

አንዱን ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ለእጩው የአሁን አሠሪ አይደውሉ። በከተማችሁ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ስለሚተዋወቁ «ያንን ልጅ እንዴት ታየዋለህ?» የሚል አንድ ስልክ ሰውየውን እዚያው ቀን ሊያስባርረው ይችላል፤ እርስዎም ላይቀጥሩት ይችላሉ። ማጣራት ያለብዎት ቀድሞ ከሠራባቸው ቦታዎች ነው። የአሁኑን አሠሪ የሚያነጋግሩት ቅጥሩን አቅርበው፣ እሱም ተቀብሎ፣ በጽሑፍ ሲፈቅድልዎ ብቻ ይሁን።

ለአካውንታንቱ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ፒችትሪ የሚያውቅ፣ የግብር ሥራ የሠራ ሰው እየፈለገ የሚያመለክት ነው። ኢትዮጆብስ ላይ ወይም ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ራስዎ ያውጡት፤ ያሉትን ሲቪዎች ለማንበብ ጊዜ ካጡ ያንን የአንድ ወር ደመወዝ የሚጠይቀውን ኤጀንሲ ይጥሩት፤ ፈቃዱን ካዩና ከሠራተኛ የማይቀበል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ። ለብቻው ይስጡኝ ቢል እምቢ ይበሉት። ዋስትናው ግን ለአካውንታንቱም ሥራ ከጀመረበት ቀን የሚቆጠር 90 ቀን ይሁን።